«ሳይላክ ቀረ» ወይስ «አልላክሁልህም»?

አዳማ ውስጥ ለአንድ ትንሽ የቴአትር ቡድን የቤተሰብ ድራማ ጽፌ ነበር። ከሁለት ሰዓቱ ቴአትር ሁሉ ያስቸገረችኝ አንድ ገጽ የማትሞላ ደብዳቤ ነች። አባት ለልጁ የሚጽፋት የይቅርታ ደብዳቤ። አምስት ጊዜ ቀድጄ ጻፍኳት። ስድስተኛዋም ጉድለት እንዳለባት ያወቅኩት መድረክ ላይ ከወጣች በኋላ ነው።

ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። ጋሽ በቀለ የድሮው ምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው። ባለቤታቸው ሞተዋል፤ ብቻቸውን ይኖራሉ። ልጃቸው ዮናስ ሊያገባ ሲል ሽማግሌ እንዲልኩለት ለመናቸው። የልጅቷ አባት ግን ጣቢያው ላይ ተሸካሚ የነበረ ሰው ነው። «እኔ ዕቃ ያሸከምኩት ሰው ደጅ ሽማግሌ አላቆምም» አሉ። ዮናስ ጎረቤት ለምኖ ሽማግሌ ላከ፣ ተዳረ፣ ሐዋሳ ገባ። ስድስት ዓመት ተዘጋጉ።

ጋሽ በቀለ ሲጸጸቱ ታዲያ ምን አደረጉ? ሽማግሌ ላኩ! ዮናስም «ያኔ ለእኔ ያልተገኘ ሽማግሌ ዛሬ ከየት መጣ? ነገር ካላቸው ራሳቸው ይንገሩኝ» ብሎ መለሳቸው። ስልካቸውንም አያነሳም። ይህን ያደረግኩት ሆን ብዬ ነው። በዚህ ዘመን ሰው ለምን ደብዳቤ ይጽፋል ብሎ ተመልካች መጠየቁ አይቀርም። መጀመሪያ ሌላውን መንገድ ሁሉ መዝጋት ነበረብኝ።

የመጀመሪያው ረቂቄ «ልጄ ሆይ፣ በድዬሃለሁ፤ እንባዬ ወረቀቱን እያራሰው ነው የምጽፍልህ» ይላል። ልምምድ ላይ ሁለት ልጆች አለቀሱ። እኔም ደስ አለኝ። ጋሽ በቀለን የሚጫወቱት አዛውንት ግን ወረቀቱን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው መነጽራቸውን አወለቁ።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ሰውዬ እንዲህ አይልም። እንዲህ የሚለው ለንስሐ አባቱ ነው። ለዚያም ካጣደፈው ነው።»

ልክ ነበሩ። ስድስት ዓመት ሙሉ ካፈርኩ አይመልሰኝ ያለ ሰው በአንድ ገጽ ውስጥ አይቀልጥም። ከቀለጠም ተመልካቹ ሊያለቅስ ይችላል፤ አያምነውም እንጂ።

በሁለተኛው ረቂቅ ኩራታቸውን መለስኩላቸው። አሁን ደግሞ ከመሥሪያ ቤት የወጣ ደብዳቤ መሰለ። ይቅርታው የለም። የት እንደጠፋ ለማወቅ አንድ በአንድ ግሶቹን ማየት ጀመርኩ። ያገኘሁት እዚያ ነው።

አማርኛ ለኩሩ ሰው መደበቂያ አያሳጣም። «ተቀያይመን ነበር» ብለው ጽፈዋል። በዚህች በአንዲት ቃል ጥፋቱ እኩል ለሁለት ተካፈለ። «ካስቀየምኩህ ይቅርታ» ይላሉ ዝቅ ብለው። ያቺ «ካ» በር ናት፤ ምናልባት አልተቀየምክም ይሆናል ብለው የሚወጡባት። የሁሉም አለቃ ደግሞ «ሽማግሌ ሳይላክ ቀረ» የምትለዋ ነች። ማን ሳይልክ? ሰው የለም። ልክ ዝናብ ሳይዘንብ እንደቀረ።

መጀመሪያ እነዚህን ሁሉ ልሰርዛቸው ነበር። ኋላ ላይ ነው የገባኝ፣ መሰረዝ ያለባቸው ጋሽ በቀለ ናቸው። ያውም መድረክ ላይ።

ስለዚህ ትዕይንቱን ቀየርኩት። ድሮ ልጁ ደብዳቤውን ቆሞ ያነብ ነበር፤ እኛም እየሰማን እንቀመጥ ነበር። በአዲሱ አባትየው ሲጽፉ እናያቸዋለን። «ሽማግሌ ሳይላክ ቀረ» ብለው ይጽፋሉ። ጮክ ብለው ያነቡታል። ዝም ይላሉ። ተነስተው ውሃ ይጠጣሉ። ተመልሰው ይቀመጡና በእስክሪብቶ ይሰርዙታል፤ ወረቀቱ እስኪቀደድ። ከዚያ «ሽማግሌ አልላክሁልህም» ብለው ይጽፋሉ። አዳራሹ ትንሽ ነው፣ ሙቀቱም ስለማይቻል መስኮት ከፍተን ነበር። የባጃጅ ድምፅ ይገባል። ያቺ መስመር ላይ ግን የእስክሪብቶው ድምፅ ይሰማ ነበር።

ሌላው ያስቸገረኝ ሱፉ ነው። የሠርጉ ቀን ጋሽ በቀለ ሱፋቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን አስጠርገው፣ እስኪመሽ ቤታቸው ተቀምጠው ነበር። በጣም የምወደው ነገር ነው፤ ስለዚህ ደብዳቤው ውስጥ ከተትኩት። አበላሸው። ይቅርታ ጠያቂው «እኔም እኮ ተጎድቻለሁ» ሲል ልጁ አጽናኝ ሊሆን ነው። አወጣሁትና ሱፉን ከነላስቲኩ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ጎረቤቲቱ ገብታ ታየዋለች፤ ዮናስ ግን መቼም አያውቅም።

«ቤትህ ነው፣ ና» የምትለውም ወጣች። ስትሰማ ደግ ትመስላለች። ግን ትእዛዝ ነች፤ አባትየው ይቅርታ እየጠየቁም ያዛሉ።

ተዘጋጅታ መድረክ ላይ የወጣችው ይህች ነች፦

«ናዝሬት

ይድረስ ለዮናስ በቀለ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ሽማግሌ አልላክሁልህም። የሠርግህ ቀን ቤቴ ተቀምጬ ነበር። ለሰው አሞኝ ነው ብያለሁ። አላመመኝም።

ባቡር ሲዘገይ ስንት ሰዓት እንደዘገየና ምክንያቱን መዝገብ ላይ እንጽፍ ነበር። እኔ ስድስት ዓመት ዘግይቻለሁ። ምክንያቱ እኔ ነኝ።

ሐዋሳ ልመጣ አስቤያለሁ። ከፈቀድክ ቀኑን አንተ ንገረኝ። ካልፈቀድክም ይገባኛል።

በቀለ ወልዴ
አባትህ»

«አዳማ» ሳይሆን «ናዝሬት» ያልኩት የጋሽ በቀለ ዕድሜ ሰዎች ብዙዎቹ አሁንም እንዲያ ስለሚሏት ነው። «እኛ ደህና ነን» የምትለዋን አልነካኋትም። እኛ ማን? ቤቱ ውስጥ ያሉት እሳቸውና አንድ ሬዲዮ ናቸው። ግን ደብዳቤ እንዲያ ነው የሚጀመረው፤ ተመልካቹ ብቸኝነታቸውን ከዚያች «እኛ» ያገኘዋል።

አዘጋጁ «ይቅርታ የሚለው ቃል የታለ?» ብሎ ተከራከረኝ። ሁለት ቀን ተጨቃጨቅን። እኔ ሳይደበቁ የተጻፉት ግሶች ይበቃሉ አልኩ፤ «ይቅርታ» ማለት ባጃጅ ላይ ሰው ገፍተንም የምንላት ቃል ነች። የባቡሩ መዝገብ ግን ትንሽ የተራቀቀ ነገር ሆኖብኝ ነበር፤ አሁንም ሙሉ በሙሉ አልወደድኩትም። ያዳነው የተዋናዩ አነባበብ ነው፤ ልክ ሪፖርት እንደሚያቀርብ ሰው ቀዝቀዝ አድርገው አነበቡት።

የመጀመሪያው እሁድ ቴአትሩ አልቆ ሰው ሲወጣ ነጠላ የለበሱ አንዲት እናት በሩ ላይ ያዙኝ። ያመሰግኑኛል ብዬ ጎንበስ አልኩ።

«ልጄ፣ የልጅቷ ስምስ? አባቷስ?» አሉኝ።

የምመልሰው አጣሁ። የተናቁት እኮ እነሱ ናቸው። ዮናስ የተቀየመው በእነሱ ምክንያት ነው። እኔ ግን አምስት ረቂቅ ሙሉ ስለ አባትና ልጅ ብቻ እያሰብኩ፣ ጋሽ በቀለ ሰዎቹን እንደረሷቸው ሁሉ እኔም ረስቻቸዋለሁ። አባቷ ደግሞ እዚያው ከተማ ውስጥ ነው፤ በእግር የሚደረስበት።

በሳምንቱ ከሐዋሳዋ መስመር በፊት ይህን ጨመርን፦ «ትናንት የሰናይት አባት ደጅ ሄጄ ነበር። ሰው ይዤ አልሄድኩም። ወንበር ሰጡኝ።»

ተዋናዩ «ሰናይት» የሚለውን ሲጽፉ እጃቸው ቆመ። እኔ አልጻፍኩትም፤ እሳቸው ያመጡት ነው። ስሟን እንዴት እንደሚጽፉት የማያውቁ መሰሉ። አዳራሹ ውስጥ ዓይኔን እያዞርኩ ነጠላ የለበሱትን እናት ፈለግኋቸው። አልመጡም ነበር።