ስድስት ከሃያ

የጥምቀት ሰሞን ነበር። ከተራ ዕለት ጎንደር በሙሉ ታቦታቱን አጅቦ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ሲወርድ፣ እኔ ቤቴ ተቀምጬ የሲ ዋን፣ ማለትም የሆስፒታል ልምምድ የጀመሩ የሕክምና ተማሪዎችን፣ የሕክምና ሥነ ምግባር ፈተና አርም ነበር። እልልታው በመስኮት ይገባል። ለአንዲት ተማሪ ከሃያ ስድስት ሰጥቼ ወረቀቷን ወደ ታረሙት ክምር ወረወርኩት። ዓመታት አልፈዋል፣ ያቺ ስድስት ግን እስካሁን ትቆጠቁጠኛለች።

ጥያቄውን ያወጣሁት ራሴ ነኝ። የ62 ዓመት ገበሬ ከዳባት መጥተው ተኝተዋል። ዓይናቸው ቢጫ ሆኗል፣ ሆዳቸው ውኃ ቋጥሯል። ምርመራው የጉበት ካንሰር መሆኑን አረጋግጧል፤ የሚያድን ሕክምና ከሚቻልበት ደረጃም አልፏል። ታላቅ ልጃቸው ኮሪደር ላይ ይይዝሃል፦ «ዶክተር፣ አባቴ ይህን ከሰማ ዛሬውኑ ይሞታል። ጨጓራ ነው በሉት።» አባትየው ስለ ሕመማቸው ጠይቀው አያውቁም፤ ትናንት ማታ ግን ነርሷን «መቼ ነው የምወጣው? እህሉ ሜዳ ላይ ነው» ብለዋታል። ምን ታደርጋለህ? ለምን? ከሥሩም በደማቁ «ይህ ጥያቄ አንድ ትክክለኛ መልስ የለውም» ብዬ ጽፌያለሁ።

ማረሚያውም የኔው ሥራ ነው። ታካሚው ለራሱ የመወሰን መብት እንዳለው ከጠቀሰ አራት ነጥብ። የሕክምና ሥነ ምግባር ምሁራኑ ቢቻምፕና ቺልድረስ እ.ኤ.አ. በ1979 ካስቀመጧቸው አራት መርሆዎች የቀሩትን ሦስቱን፣ ማለትም መልካም ማድረግን፣ ጉዳት አለማድረስንና ፍትሕን ከጠራ ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት። ለታካሚው በቀጥታ እናገራለሁ ካለ ስድስት። ግልጽ አድርጎ ከጻፈ አራት። አንድ ትክክለኛ መልስ የለውም ካልኩ በኋላ ስድስት ነጥብ ለአንዱ መልስ ብቻ መድቤ እንደነበር ያኔ አልታየኝም።

ልጅቷ ከአራቱ መርሆዎች በስሙ የጠራችው አንዱን፣ ጉዳት አለማድረስን፣ ብቻ ነው። ሁለት ሰጠኋት፤ ለግልጽነቷ አራቱን ጨመርኩላት። ሌላው ሁሉ ዜሮ ነው። የጻፈችው ግን እንዲህ የሚል ነበር፦ ዛሬ ማታ አልናገርም፤ አልዋሽምም። መጀመሪያ ልጁን አስቀምጬ ምን እንደሚፈራ እጠይቀዋለሁ፤ አባቱ በቀጥታ ከጠየቁኝ ግን ጨጓራ ነው እንደማልል ከወዲሁ አሳውቀዋለሁ። ነገ ጠዋት ሐኪሞች በሽተኞችን ከሚጎበኙበት ራውንድ በፊት ወንበር ስቤ አጠገባቸው እቀመጣለሁ። ከዚያ እንግሊዝኛውን አቁማ ሁለት መስመር በአማርኛ ጻፈች፦ «አባቴ፣ ይህ ሕመም ምን ይመስልዎታል? ውጤቱን ዘርዝሬ ለእርስዎ ልንገር ወይስ ለልጅዎ ልንገረው?»

በነዚያ ሁለት መስመሮች ጎን በቀይ እስክሪብቶ «በእንግሊዝኛ ጻፊ» ብዬ ነበር።

ቀጥላ «ለልጄ ንገረው» ካሉ መወሰን ማለት ይኸው ነው፤ ካርዳቸው ላይ በራሳቸው ቃል፣ ከነቀኑ አሰፍረዋለሁ፤ ከጥቂት ቀን በኋላም ደግሜ እጠይቃለሁ ትላለች። ስለ እህሉ የሚጠይቅ ሰው ስንት ጊዜ እንደቀረው እየጠየቀ ሊሆን ይችላል፤ መሬት አለው፣ ዕዳ ይኖረዋል፣ ኑዛዜ አለበት፣ የንስሐ አባቱን መጥራት አለበት። ልጁ አባቱን ከድንጋጤ ለማዳን ሲል ይህን ሁሉ ሊያሳጣቸው ይችላል። የመጨረሻው አንቀጿ ደግሞ እኔ ራሴ ጥያቄውን ሳወጣ ያላሰብኩትን ነገር ይዟል፦ ጉበት ሲደክም አእምሮም ይደነግዛል፣ ሌሊትና ቀን ይምታታል። ስለዚህ «ቀስ ብለን እንነግራቸዋለን» የሚባለው ነገር ገደብ አለው። እጃቸው ሲንቀጠቀጥ ወይም ንግግራቸው ሲዛባ ካየሁ ነገ ያልኩት ወደ ዛሬ ይመጣል፤ ካለፈ የሚጠየቅ ሰው የለም።

ይህን አንብቤ ነው ስድስት የሰጠሁት። ጣቴ ማረሚያው ላይ ነበር፤ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር የምመዝነው ከማረሚያው ቃል ጋር ይገጥማል አይገጥምም እያልኩ እንጂ እውነት ነው አይደለም እያልኩ አልነበረም።

ውጤት በተለጠፈ ማግስት ቢሮዬ መጣች።

«ዶክተር፣ ውጤት ለማስጨመር አይደለም። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ዛሬ ማታ እነግራቸዋለሁ ብል ኖሮ ስድስቱን ነጥብ አገኝ ነበር?»

«አዎ» አልኳት።

«ማወቅ ይፈልጉ እንደሆነ ሳልጠይቃቸው?»

ዝም አልኩ። ከዚያ ያልኩትን ሳስታውስ ዛሬም ፊቴ ይግላል። «ማረሚያው እንደዚያ ነው የሚለው» አልኳት።

«ማረሚያውን ማን አወጣው?»

«እኔ።»

አልተቆጣችም። ወረቀቷን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና «ጥያቄው ምን ታደርጊያለሽ ነው የሚለው። ትነግሪያለሽ ወይስ አትነግሪም ቢል ኖሮ እኔም ሦስት ገጽ አልጽፍም ነበር» ብላኝ ወጣች።

ውጤቱ ከመለጠፉ በፊት ወረቀቷን ደንቡ እንደሚያዘው ሁለተኛ አራሚ አይቶት ነበር። አንጋፋው ባልደረባችን የኔን ቁጥር ሳያዩ አርመው አሥራ ስድስት ሰጧት። የክፍሉ ኃላፊ ሁለቱን ቁጥሮች አይተው «አማካዩ ይያዝ» አሉና አሥራ አንድ ሆነ። ያን ሰሞን ካናደዱኝ ነገሮች ሁሉ ይህ ያይላል። ሁለት ሰዎች አንዱን በሽተኛ መዝነው በጥቂት ግራም ቢለያዩ ማማከል ያስኬዳል። እኛ ግን አንድ ነገር አልነበረም የለካነው፤ እኔ የመርሆ ስም እቆጥራለሁ፣ እሳቸው የልጅቷን አስተሳሰብ ይመዝናሉ። አሥራ አንድ ማናችንም የማናምንበት ቁጥር ነው። በአሥር ነጥብ መራራቃችን የሚያሳየው ማረሚያው መሰበሩን ነበር፤ አማካዩ ግን ያንን ምልክት ሸፈነው። ወረቀቶቹ ሁሉ እንደገና ይታረሙ ብዬ ጠየቅሁ፤ ውጤቱ ተለጥፏል፣ አይነካም ተባልኩ።

ከዚያ በኋላ ማረሚያዬን በራሴ እጅ ፈተንኩት። በዚያው ጥያቄ ሁለት መልስ ጻፍኩ፤ አንዱ ዛሬ መንገር አለብኝ የሚል፣ ሌላው አስቀድሜ እጠይቃለሁ የሚል። ሁለቱም ላይ እኩል ደከምኩ፣ ለሁለቱም የምር ተከራከርኩ። ሦስተኛም ጨመርኩ፤ አራቱን መርሆዎች በየተራ ጠርቶ «ስለዚህ እነግረዋለሁ» የሚል፣ ግማሽ ገጽ የማይሞላ። በአሮጌው ማረሚያ ይህ ሦስተኛው ለመርሆዎቹ አሥር፣ ለውሳኔው ስድስት፣ ለግልጽነቱ ሁለት አግኝቶ አሥራ ስምንት ሆነ። እጠይቃለሁ የሚለው ከስምንት አላለፈም። የማረሚያን ድብቅ መልስ የሚያጋልጥ ከዚህ የቀለለ ዘዴ አላገኘሁም፤ ተቃራኒ ድምዳሜ ያላቸው፣ እኩል የታሰበባቸው ሁለት መልሶች ነጥባቸው ከተራራቀ፣ ወረቀቱ ምንም ይበል ምን ጥያቄው አንድ መልስ አለው።

አዲሱን ከአንጋፋው ባልደረባዬ ጋር ተቀምጠን ሠራን። ለድምዳሜው የሚሰጥ ነጥብ የለም። የመርሆ ስም መጥራትም ለብቻው ነጥብ አያስገኝም፤ መርሆው በእኚህ ሰው ላይ፣ በዚህ ሌሊት ምን ማለት እንደሆነ ካልተነገረ ባዶ ነው። ከፍ ያለ ነጥብ ያስያዝነው ለሁለት ነገር ነው። አንደኛው ተማሪው የማይቀበለውን ወገን በጠንካራ ጎኑ ማቅረቡ ነው። ልጁን «ያልተማረ ቤተሰብ» ብሎ ያለፈ ዝቅተኛውን ያገኛል፤ የልጁ ፍርሃት ከየት እንደመጣና ምኑ ላይ ትክክል እንደሆነ አሳይቶ ከዚያ የተለየ ከፍተኛውን ያገኛል። ሁለተኛው ቀጣዩ ርምጃ ነው፤ ማን፣ መቼ፣ በምን ቃል፣ ምን ከተለወጠስ ሐሳቤን እለውጣለሁ የሚለው። ቃሉ በአማርኛ ቢጻፍ ነጥብ እንደማይቀነስ ለብቻው አሰፈርን፤ ያን መስመር እኔ ነኝ የጻፍኩት።

አንድ ነገር ላይ ግን አልተስማማንም። እኔ ማንም ከሱ በታች ሊወርድ የማይገባ ወለል ይኑረው አልኩ፦ አባትየው ዓይን ዓይኑን እያዩ ጠይቀውት «ጨጓራ ነው» እላለሁ የሚል ተማሪ ሌላው የቱንም ያህል ቢያምር ከስምንት አይለፍ። አንድ ትክክለኛ መልስ የለም ማለት ስህተት የሆነ መልስ የለም ማለት አይደለም። እሳቸው ደግሞ «ወለል ብለህ የጀመርከው ነገ ጣሪያ ይሆንብሃል፤ ስድስቱን ነጥብ በጓሮ እየመለስከው ነው» አሉኝ። ክርክሩ ሁለት ቡና ፈጀ። በመጨረሻ ወለሉን ለዚያች ለአንዲት ግልጽ ውሸት ብቻ አስቀረነው። ታካሚውን ሳይጠይቅ ለቤተሰብ ብቻ የተናገረ የታካሚውን ድምፅ ለመስማት የተያዘውን ነጥብ ያጣል እንጂ ሌላው አይነካበትም። እሳቸው ዛሬም አላመኑበትም። እኔም አንዳንድ ዓመት፣ በደንብ የታሰበበት ወረቀት ስምንት ላይ ሲቆም፣ ልክ መሆናቸውን እጠረጥራለሁ።

አስተራረሙንም ለውጠናል። ከመጀመራችን በፊት አምስት ወረቀት መርጠን፣ ስም ሸፍነን፣ ለየብቻ አርመን እናመሳክራለን። ከሦስት ነጥብ በላይ ከተለያየን ማማከል የለም፤ ቁጭ ብለን ከወረቀቱ ላይ የቱን ዓረፍተ ነገር እንዳየን እንነጋገራለን። ብዙ ጊዜ አንዳችን ያላነበብነው መስመር ይገኛል።

የልጅቷ አሥራ አንድ እንደሆነች ቀረች። ተመርቃ ሄዳለች።

ባለፈው ክረምት አንድ አባት ተኝተውብኝ ነበር፤ ሕመሙ ሌላ፣ ተስፋው ግን ያው። አስታማሚው ልጃቸው በር ላይ ያዘኝና ያንኑ ለመነኝ። በማግስቱ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና የሷን ጥያቄ በሷው ቃል ጠየቅኋቸው፦ ለእርስዎ ልንገር ወይስ ለልጅዎ? ረጅም ጊዜ ጣሪያውን ሲያዩ ቆይተው «አስቀድመህ ለሱ ንገረው። እሱ አልቅሶ ይውጣለት። ከዚያ እሱ ይነግረኛል፤ እንዴት እንደሚነግረኝ ያውቅበታል» አሉኝ።

ይህ መልስ በአሮጌው ማረሚያም በአዲሱም የለም። ካርዳቸውን አውጥቼ ቃላቸውን እንዳለ፣ በአማርኛ፣ ከነቀኑ ጻፍኩት።