አውቶቡሱ ፍሬን ሲይዝ ወደ ፊት የሚገፋን ማን ነው?

የእንቅስቃሴ ሕጎችን ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሳስረዳ ሰሞኑን ብዙ ጊዜ የሰጠሁት ለአውቶቡሱ ነው። ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ ቆሞ የሚሄድ ተሳፋሪ ለምን ወደ ፊት ይንገዳገዳል? አብዛኞቹ «ወደ ፊት የሚገፋ ኃይል ስላለ» ይላሉ። እኔም ቶሎ ሳላርም «ኃይሉን የሰጠው ማን ነው?» እላለሁ። ኃይል ሁሉ ሰጪና ተቀባይ አለው፤ ተሳፋሪውን ግን ከኋላ የነካው የለም። ሰጪ ፈልገው ሲያጡ ክፍሉ ዝም ይላል፤ ለእኔ ትምህርቱ የሚጀምረው እዚህ ነው።

ከዚያ ወደ ቁጥር እንገባለን። አውቶቡሱ በሰከንድ 10 ሜትር እየሄደ በ5 ሰከንድ ቆመ እንበል። ፍጥነቱ በየሰከንዱ በ2 ሜትር በሰከንድ ይቀንሳል ማለት ነው። 50 ኪሎግራም የሆነው ተሳፋሪ አብሮ እንዲቀንስ 50 × 2 = 100 ኒውተን ያስፈልገዋል፤ አቅጣጫውም ወደ ኋላ ነው። ይህን የሚሰጠው የወለሉና የጫማው ሰበቃ ነው። በ2 ሰከንድ ቢቆምስ? 250 ኒውተን ይሆናል። ወለሉ ለስላሳ ሆኖ ሰበቃው ከ150 ኒውተን ካላለፈ፣ የቀረውን 100 በእጁ ከብረቱ ካላገኘ እግሩ ይንሸራተታል።

እግሩ ባይንሸራተትም ይዘነበላል። ሰበቃው የሚይዘው እግሩን ብቻ ነው፤ እግሩ ከአውቶቡሱ ጋር ሲቀንስ ወገቡና ደረቱ በነበራቸው ፍጥነት ይቀጥላሉ። ተማሪዎቹ «የገፋን የለም፤ የያዘን ጠፋ እንጂ» ማለት ሲጀምሩ የኒውተን የመጀመሪያው ሕግ፣ ማለትም ኃይል ካልለወጠው የሚንቀሳቀስ አካል በነበረው ፍጥነት ይቀጥላል የሚለው፣ እንደገባቸው አውቃለሁ።

«ኃይሉን የሰጠው ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ሰው ለሚገፋው ጋሪም ይሠራል። «እኔ ጋሪውን በገፋሁት ልክ ጋሪው ከገፋኝ፣ እንዴት ይንቀሳቀሳል?» የሚል ተማሪ አይጠፋም፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። ገፊውንና ጋሪውን ለየብቻ እንዲሥሏቸው አደርጋለሁ። ባለ 40 ኪሎግራሙ ጋሪ ሥዕል ላይ የሚገባው እሱ የተቀበለው ብቻ ነው፦ ወደ ፊት 100 ኒውተን፣ ወደ ኋላ 60 ኒውተን ሰበቃ። ልዩነቱ 40 ስለሆነ ፍጥነቱ በየሰከንዱ በ1 ሜትር በሰከንድ ይጨምራል። ጋሪው መልሶ የገፋበት 100 ኒውተን ያለው በገፊው ሥዕል ላይ ነው፤ ሁለቱ የተለያየ አካል ላይ ስለሚያርፉ አይጣፉም። ሁለቱን አንድ ሥዕል ላይ የሚያስገባ ተማሪ ካየሁ፣ ከእያንዳንዱ ቀስት አጠገብ ሰጪና ተቀባዩን እንዲጽፍ አደርጋለሁ። ስሌቱን ከማስደገም ይልቅ ይህ ይጠቅማል።

ለሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ያቆየሁት ከአውቶቡሱ የቀረውን ነው፦ ልክ ሲቆም ተሳፋሪው ለምን ወደ ኋላ ይመለሳል? ፍሬኑን ለመቋቋም ገላውን ወደ ኋላ አዘንብሎ ነበር፤ አውቶቡሱ ሲቆም እግሩን ወደ ኋላ ይዞት የነበረው ሰበቃ በድንገት ይቀርና የዘነበለው ገላ ብቻውን ይቀራል። ሾፌሩ ሊቆም ሲል ፍሬኑን ቀስ ብሎ ቢለቅ ግን ተሳፋሪው ቀና ለማለት ጊዜ ያገኛል።