ከ52 ደቂቃ ቪዲዮ ወደ አንድ ገጽ፦ የወተት ቅበላ ቼክሊስት በሦስት ረቂቅ

ቦታው ሱሉልታ ዳር ያለ የወተት መሰብሰቢያ ማዕከል ነው። ጠዋት ገበሬው በጀሪካን የሚያመጣውን ወተት የሚቀበሉት ሠራተኞች ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየሩ፣ ነባሩ ባለሙያ የሰጠው ስልጠና በስልክ ተቀርጾ ነበር። አዲስ የተቀጠረ ሁሉ እሱን አይቶ ሥራ ይጀምራል። ችግሩ፣ ቪዲዮ አይቶ የመጣ ሰው ወረፋ ፊት ሲቆም ትዝ የሚለው የሰልጣኞቹ ቀልድ እንጂ የአሠራሩ ተራ አለመሆኑ ነው። ስለዚህ ቅጂው ወደ ቼክሊስት ተቀየረ። የመጀመሪያው ረቂቅ 61 መስመር ነበር፣ ሁለተኛው 34፣ አሁን ግድግዳ ላይ ያለው 23 ነው። ተመሳሳይ ሥራ ለምትጀምሩ፣ በየረቂቁ የተቀየረው ነገርና ምክንያቱ ይኸውና።

አንደኛ ረቂቅ፦ የተባለው ብቻ

መጀመሪያ የተደረገው አሰልጣኙ የተናገረውን ቃል በቃል መጻፍ ነው። አትድከሙ፤ የ52 ደቂቃ ንግግር መገልበጥ ግማሽ ቀን ይበላል፣ አብዛኛውም ይጣላል። የሚሻለው አራት ዓምድ ያለው ወረቀት አስምሮ ቪዲዮውን ሁለት ጊዜ ማየት ነው። ዓምዶቹ፦ ደቂቃው፣ በአፍ የተባለው፣ በእጅ የተሠራው፣ ያልገባን ነገር። በመጀመሪያው ዙር ድምፁን እየሰሙ ሁለተኛውን ዓምድ መሙላት ነው። በሁለተኛው ዙር ድምፁን ዘግቶ እጁን ብቻ መመልከት ነው። ድምፅ የተዘጋበት ዙር ባይኖር ኖሮ ቼክሊስቱ ዋጋ አይኖረውም ነበር።

አንድ ቦታ ላሳያችሁ። ላክቶሜትር ወተት ውስጥ ተንሳፍፎ የወተቱን ክብደት የሚያነብ፣ ውሃ መጨመሩን የሚያሳይ መሣሪያ ነው። 12ኛው ደቂቃ ላይ አሰልጣኙ «እንግዲህ ላክቶሜትሩን ነክረህ ታነባለህ» ይላል። የተናገረው ይህን ብቻ ነው። እጁ ግን የሚሠራው ሌላ ነው። ጀሪካኑን ያማስላል፤ ቅባቱ ወደ ላይ ስለሚወጣ ሳያማስሉ የተቀዳ ናሙና ወተቱን አይወክልም። ሲሊንደሩን አዘንብሎ ወተቱን በግድግዳው ላይ ቀስ አድርጎ ያንቆረቁራል፤ ከላይ ቢደፋው አረፋ ይሠራና ማንበቢያው መስመር አይታይም። ቴርሞሜትር ይነክራል። ላክቶሜትሩን ሲለቀው በጣቱ ትንሽ ያሽከረክረዋል፤ ከመስተዋቱ ጋር ከተጣበቀ ውሸት ያነባል። እስኪረጋ ይጠብቅና ጎንበስ ብሎ በዓይኑ ትክክል ያነባል። ከዚህ ውስጥ አንዱንም በአፉ አላለም፤ ለእሱ እንደ መተንፈስ ስለሆነበት ነው። አዲስ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው።

ለእንዲህ ያለው ቦታ ፎቶ ከጽሑፍ ይበልጣል። ከቪዲዮው አንድ ምስል ለማውጣት በኮምፒውተር ይህ ይበቃል፦

```
ffmpeg -ss 00:12:58 -i siltena.mp4 -frames:v 1 -q:v 2 lacto.jpg
```

ጎንበስ ብሎ ሲያነብ የሚታይበት ምስል አሁን ከገጹ ቀኝ ጥግ ታትሟል።

ሁለተኛ ረቂቅ፦ ቅደም ተከተሉ

አሰልጣኝ የሚናገረው ትዝ ባለው ተራ ነው። በዚህ ቅጂ ወተቱ ወደ ማቀዝቀዣ ታንኩ ሲገለበጥ የሚታየው 19ኛው ደቂቃ ላይ ነው። የአልኮል ምርመራው የሚመጣው ግን 31ኛው ላይ፣ «አዎ፣ ለካ ይሄን ሳልነግራችሁ» ከሚል በኋላ። በቪዲዮው ተራ የተጻፈ ቼክሊስት አዲሱን ሠራተኛ አስቀድሞ እንዲገለብጥ፣ ከዚያ እንዲመረምር ያደርገዋል፤ አንድ የኮመጠጠ ጀሪካን ደግሞ ሙሉ ታንክ ይዞ ይጠፋል። ስለዚህ አራት ዓምዱ ከተሞላ በኋላ መስመሮቹን ቆርጦ ጠረጴዛ ላይ መደርደር ያስፈልጋል፤ እውነተኛ መቀስ ማለቴ ነው። «አዎ፣ ለካ»፣ «ረስቼው»፣ «በነገራችን ላይ» የሚሉ ቃላት በቀለም ይሰመሩ፤ ከሞላ ጎደል ሁሌም ወደ ላይ መውጣት ያለበት መስመር ከእነሱ ሥር ይገኛል።

በዚህ ረቂቅ «ትንሽ» እና «በቂ» የሚሉት ቃላትም በቁጥር ተተኩ። አልኮሉን «ትንሽ ውሃ ጨምረህ» ያለው፣ ሲጠየቅ 68 ሚሊ ሊትር ባለ 96 በመቶ አልኮል በ28 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ ሆነ፤ ይህ 68 በመቶ ገደማ ይሰጣል። ምርመራው ራሱ 2 ሚሊ ሊትር ወተትና 2 ሚሊ ሊትር አልኮል፣ እኩል በእኩል ነው። ቅንጣት ከያዘ ወተቱ ወደ መኮምጠጥ ሄዷል፣ ወይም እንገር አለበት፣ ወይም ላሟ ጡቷን ታማለች። የአልኮሉ መጠን ከፍ ካለ ጤነኛ ወተትም ሊረጋ ይችላል፤ ለዚህ ነው «ትንሽ ውሃ» መቅረት የነበረበት።

ከሁሉ ያስቸገረው ግን የሙቀት ማስተካከያው ነው። በማዕከሉ ያለው ላክቶሜትር የተሠራው ለ20 ዲግሪ ነው። ወተቱ ከዚያ በላይ ሲሞቅ በእያንዳንዱ ዲግሪ 0.2 ይደመራል፣ ሲቀዘቅዝ 0.2 ይቀነሳል። ማዕከሉ የሚቀበለው የተስተካከለው ንባብ ከ26 እስከ 32 የሆነውን ወተት ነው። አሰልጣኙ ይህን በቃሉ ሠርቶ ያልፋል። አዲሱ ሠራተኛ ግን አሁን የታለበ ወተት በ28 ዲግሪ 25 ሲያነብበት «ውሃ አለበት» ብሎ ገበሬውን ይመልሳል፤ 8 ዲግሪ ሲባዛ በ0.2፣ 1.6 ነው፤ ትክክለኛው 26.6 ነበር። በተቃራኒው የማታው ወተት በሱሉልታ ብርድ አድሮ በ14 ዲግሪ 26.5 ቢያነብ፣ 1.2 ሲቀነስ 25.3 ይሆናል፤ ማለፍ አልነበረበትም። አንዱ ስህተት ሐቀኛውን ያስቀይማል፣ ሌላው ውሃ የጨመረውን ያሳልፋል። ስለዚህ ስሌቱ ከቼክሊስቱ ወጥቶ በቦታው ከ10 እስከ 32 ዲግሪ ያለ ትንሽ ሰንጠረዥ ገባ፦ በግራ ሙቀቱ፣ በቀኝ የሚደመረው ወይም የሚቀነሰው። ወረፋ ፊት ማንም ማባዛት የለበትም።

ሦስተኛ ረቂቅ፦ አማርኛው

34 መስመር ያለውን ለአንዲት አዲስ ሠራተኛ ሰጥቶ፣ ምንም ሳይናገሩ ዳር ቆሞ ማየት ተደረገ። ደንቡ ቀላል ነው፦ በቆመች ቁጥር፣ ወይም ቀና ብላ ሰው በፈለገች ቁጥር፣ መስመሩ ላይ ምልክት ይደረጋል፤ አይረዷትም። የቆመችባቸው ቦታዎች አብዛኞቹ ከወተት ሳይሆን ከአጻጻፍ የመጡ ሆነው ተገኙ።

የአማርኛ ግስ ከመጨረሻ ይመጣል፤ በዚያ ላይ «ቀድተው፣ አማስለው፣ ነክረው ያንብቡ» ማለት ይጥመናል። ሲነገር ያምራል፤ ቼክሊስት ላይ ግን አራት ሥራ በአንድ ሳጥን ውስጥ ይደብቃል። አንባቢዋ የምትይዘው «ያንብቡ» የሚለውን ብቻ ነው፣ ማማሰሉ ይቀራል። መፍትሔው በአንድ መስመር አንድ ግስ ነው። «ቅዳ» የሚለው ለወንድ ብቻ ስለሆነ፣ ተቀባዮቹ ደግሞ አብዛኞቹ ሴቶች ስለሆኑ፣ ሁሉም «ይቅዱ» ሆነ። ማስጠንቀቂያው ከሥራው በፊት ይጻፋል እንጂ በኋላ አይደለም። የላክቶሜትሩ ክፍል አሁን እንዲህ ነው፦

6. ጀሪካኑን ከታች ወደ ላይ 10 ጊዜ ያማስሉ።
7. ሲሊንደሩን ያዘንብሉ።
8. ወተቱን በግድግዳው ቀስ አድርገው ይሙሉ። አረፋ ካለ ይገፈፍ።
9. የወተቱን ሙቀት ይጻፉ፦ ____ ዲግሪ
10. ላክቶሜትሩን ይልቀቁ፣ በጣትዎ ያሽከርክሩ።
11. ቆሞ እስኪረጋ ይጠብቁ።
12. ጎንበስ ብለው የወተቱን የላይኛ ጠርዝ ያንብቡ፦ ____
13. ከሰንጠረዡ ያስተካክሉ፦ ____ ከ26 በታች ከሆነ ያቁሙ፣ ኃላፊውን ይጥሩ።

10ኛው መስመር ላይ ሁለት ግስ ቀርቷል፤ ለይቼ ብጽፈው ለቆ የሚሄድ ሰው አይቻለሁና ሆን ተብሎ ነው። 12ኛው ላይ «የላይኛ ጠርዝ» የተጨመረው ወተት እንደ ውሃ ስለማያሳይ፣ የታችኛው ጠርዝ ስለማይታይ ነው። አብዛኛው ቦታ ላይ ሳጥን ሳይሆን ባዶ መስመር እንደተተወ ልብ በሉ። ሳጥን ቀኑ ሲያልቅ በአንድ ጊዜ ይሞላል፤ ቁጥር ግን ወተቱን ሳያዩ ለመጻፍ ይከብዳል፣ ከጎረቤት መስመር ጋር ሲተያይም ይጋለጣል። ሰዓቱ «ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል» ተብሎ ይጻፋል፤ የማቀዝቀዣው ስክሪን 07:30 ስለሚል ሁለቱ እንዳይደባለቁ።

ከቪዲዮው ምን እንዳይገባ መወሰንም ሥራ ነው። 44ኛው ደቂቃ ላይ አንድ ሰልጣኝ «ቅባቱን ገፎ ውሃ ቢጨምርስ?» ይላል። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ቅባት ሲወጣ ወተቱ ይከብዳል፣ ውሃ ሲገባ ይቀላል፣ ሁለቱ ተካክሰው ላክቶሜትሩ ጤነኛ ያነባል። ግን በዚያ መስመር ላይ ተቀባይዋ የምታደርገው ምንም ነገር የለም፤ ስለዚህ ከገጹ ፊት ወጥቶ ወደ ጀርባው ሄደ። የእንገሩ ጥያቄ ግን ፊት ገጽ ላይ ቀረ፤ ገበሬውን «ላሟ ከወለደች ስንት ቀን ሆናት?» ብሎ መጠየቅ የምትችለው ተቀባይዋ ስለሆነች። ጀርባው ላይ ያለው «ለምን» ብቻ ነው፣ እሱም «ያቁሙ» ለሚሉት ሦስት መስመሮች።

ገጹ በ14 ነጥብ ፊደል ታትሞ ላሚኔት ተደርጓል፤ የተቀባይ እጅ ሁሌም እርጥብ ነው። የሚሞላው ቁጥር ከመዝገቡ ላይ በዚያው መስመር ቁጥር ይጻፋል። ከግርጌው የረቂቁ ቁጥርና «ላክቶሜትር፦ 20 ዲግሪ» የሚል አለ። ላክቶሜትር ይሰበራል፤ በምትኩ የሚገዛው አንዳንዴ ለ15 ዲግሪ የተሠራ ይሆናል፣ ቁጥሩም ከአንገቱ ላይ በትንሹ ነው የሚጻፍ። ያን ቀን ሰንጠረዡ በሙሉ ይቀየራል፣ አሮጌው ገጽም ከግድግዳ ይነሳል።