ከቀበቶው ጥቅል ውስጥ የወጣው ጭቃ

ሻርጃ ውስጥ ለሥራ መመላለሻ የሚሆነኝን መኪና መፈለግ የጀመርሁት፣ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 በኤምሬቶች የጣለውና ከ1949 ጀምሮ በተያዘው መዝገብ አቻ ያልተገኘለት ዝናብ ካለፈ ከጥቂት ወራት በኋላ ነበር። ሌሎች ሻጮች ለ2021 ሞዴል ካምሪ ወደ 60 ሺሕ ድርሃም ሲጠይቁ አንዱ በ41 ሺሕ እንደሚሰጠኝ ነገረኝ፤ ምክንያቱንም ሲያስረዳ አገሩ ጠቅልሎ ሊገባ መሆኑን ገለጸልኝ። ቀለሙ ንጹሕ፣ የሞተሩ ድምፅ ጸጥ ያለ፣ የአደጋ መዝገቡም ባዶ ስለነበር ቀብድ ለመክፈል ተዘጋጅቼ ነበር፤ ሆኖም አስቀድሞ አንድ የአገሬ ልጅ የሆነ መካኒክ እንዲያየው ጠየቅሁ፤ ሻጩም እያቅማማ ፈቀደ።

መካኒኩ ኮፈኑን እንኳ አልከፈተም። የሾፌሩን ቀበቶ ይዞ ጥቅሉ እስኪያልቅ ድረስ ቀስ እያለ ሳበውና መጨረሻው አካባቢ በጨርቁ ላይ የደረቀ ቡናማ መስመር አሳየኝ፤ በጣቱ ሲፈትገው እንደ ዱቄት ያለ ደቃቅ ጭቃ ወጣ። ሻጩ «ቡና ፈሶበት ነው» አለ። መካኒኩ መልስ ሳይሰጥ የተሳፋሪውን ቀበቶ ሳበ፤ ያው መስመር እዚያም ነበረ።

የቀበቶው ጥቅል በምሰሶው ውስጥ ከወለሉ ብዙም ሳይርቅ ስለሚቀመጥ ጎርፍ ይደርስበታል፤ መኪናውን የሚያጥቡት ሰዎች ግን ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ስበው አያጸዱትም። ቀበቶው ንጹሕ ቢሆን ኖሮም ነገሩ አያበቃም ነበር፤ ተቀይሮ ሊሆን ስለሚችል ከሥሩ በተሰፋው ጽሑፍ ላይ ያለው የምርት ጊዜ ከመኪናው ዕድሜ ጋር መመሳከር አለበት። ቀጥሎ ምንጣፉን ገልጦ ከሥር ያለውን ስፖንጅ ሲጫነው እርጥበት ተሰማው፤ የመቀመጫዎቹ ብሎኖችም ዝገው ነበር። የኤርባጉ መቆጣጠሪያ በመሐል ወለሉ ላይ ስለሚገኝ ውኃ የገባበት ሶኬት ከወራት በኋላ በዝገት ተበልቶ ሲያልቅ፣ ዛሬ ያለ ችግር የሚነዳው መኪና ነገ በግጭት ጊዜ ኤርባጉን ላይከፍት እንደሚችል አስረዳኝ።

መዝገቡ ባዶ የሆነበት ምክንያትም ግልጽ ሆነልኝ። ሦስተኛ ወገንን ብቻ የሚሸፍን ኢንሹራንስ ያለው ባለመኪና በጎርፍ ለደረሰበት ጉዳት ካሳ ስለማያገኝ ለኩባንያው አያመለክትም፤ ካላመለከተ ደግሞ በመዝገብ የሚሰፍር ነገር አይኖርም።

ሻጩ ወዲያው ዋጋውን ወደ 34 ሺሕ ዝቅ አደረገ፤ እኔም ለአፍታ ማስላት ጀመርሁ። መካኒኩ ግን «ወንድሜ፣ ዝገቱ የቱ ሽቦ ላይ እንደሚወጣ ሳይታወቅ ምኑ ተገምቶ ይቀነሳል?» አለኝ፤ ቁልፉን መልሰን ሄድን።