ባች ቁጥሩ ትክክል ነው፤ ታዲያ ምን ይሁን?

ፋርማሲስት ስለሆንኩ ዘመድ አዝማዱ የመድኃኒት ፎቶ ይልክልኛል። «ይሄ ኦሪጅናል ነው?» ይሉኛል። ለዚህ ጥያቄ በፎቶ መልስ የለም። ክኒኑ ውስጥ ምን እንዳለ የሚናገረው ላቦራቶሪ ነው። እኔ የማየው ማሸጊያውን ብቻ ነው። ስለዚህ መልሴ ከሦስት አንዱ ነው፦ «ማሸጊያው እርስ በርሱ ይስማማል»፣ «አይስማማም»፣ ወይም «በዚህ ፎቶ አይታይም»። ብዙ ጊዜ የምሰጠው ሦስተኛውን ነው። ሰው ግን አይወደውም።

ሰኔ 2016 ላይ ደሴ ያሉት አክስቴ የደም ግፊት መድኃኒት ገዙ። አምሎዲፒን 5 ሚሊግራም፣ አሥር አሥር ክኒን የያዙ ሦስት ስትሪፖች። ካርቶኑ ክዳን ላይ «MFD 03/2022፣ EXP 02/2025» ይላል። አክስቴ ቀኑን አይተው «ገና ዘጠኝ ዓመት ይቀረዋል» ብለው ተደስተዋል። ፓኮ ላይ ያለው ዓመተ ምሕረት የፈረንጅ መሆኑን ስነግራቸው ነው ደስታቸው የቀዘቀዘው። ልጃቸው ፎቶ አንስቶ ላከልኝ።

የፎቶው ነገር ቀላል ነው። በቴሌግራም እንደ ፋይል ይላክ፤ እንደ ፎቶ ከተላከ ይጨመቅና ጥቃቅን ቁጥር ይጠፋል። የካርቶኑ ስድስቱም ፊት፣ የስትሪፑ ሁለቱም ገጽ፣ ከዚያ ካርቶኑና ስትሪፖቹ አንድ ላይ ሆነው አንድ ፎቶ። ፍላሽ አያስፈልግም። ፎይል እንደ መስታወት ያብረቀርቃልና ቁጥሩን ይበላዋል።

መጀመሪያ ያየሁት የፎይሉን ጽሑፍ ነው። የመድኃኒቱ ስም ጠርዝ ላይ ለሁለት ተቆርጦ ነበር። ልጁ ይህን አይቶ «ፎርጅድ ነው» ብሎ ደምድሟል። አይደለም። ብዙ ፎይል ጽሑፉ እየተደጋገመ በጥቅል ይታተማል፤ ማሽኑም ጽሑፉን ሳያይ ይቆርጠዋል። በመጀመሪያ የፊደል ስህተት ፈልጉ የሚለው ምክርም ብዙ አይጥመኝም። እውነተኛው ፓኮ ላይ ስህተት አይቻለሁ። ጎበዝ አጭበርባሪ ደግሞ ፊደል አይሳሳትም። የቀለም ልዩነትንም እተወዋለሁ፤ ስልክ እንደ ብርሃኑ ቀለም ይቀይራል።

ዓይኔን የሳበው ማዕዘኑ ነው። ፋብሪካው ስትሪፑን በቅርጽ ማውጫ ስለሚቆርጠው አራቱም ማዕዘኖቹ ክብ ናቸው። ከሦስቱ ሁለቱ ግን በአንድ በኩል ማዕዘናቸው ሹል ነበር። ጠርዙ በመቀስ ተቆርጧል። ባች ቁጥሩ፣ ማለትም በአንድ ዙር አብረው የተመረቱት ክኒኖች የጋራ መለያ፣ ከቀኑ ጋር ተጭኖ የሚቀረጸው ደግሞ እዚያው ጠርዝ ላይ ነው። እኛ አገር ስትሪፕ እየተቆረጠ ስለሚሸጥ ይሄ ብቻውን ወንጀል አይደለም። ግን አሥር ክኒን ሙሉ ያለው ስትሪፕ ለምን ይቆረጣል?

ሦስተኛው ስትሪፕ ጠርዙ ሙሉ ነው፤ ነገር ግን የተቀረጸው ነገር በማንኪያ እንደተዳመጠ ጠፍጥፏል። ባቹ በግድ ይነበባል። የቀኑ መጨረሻ ቁጥር 4 ይሁን 5 አይለይም። ልጁን «ክፍሉን አጨልምና የሌላ ስልክ ባትሪ ከጎን፣ ከጠረጴዛው ጋር እኩል አድርገህ አብራ» አልኩት። ብርሃን ከላይ ሲመጣ ጉድጓዱ አይታይም፤ ከጎን ሲመጣ ግን ጥላ ይይዛል። አንዴ ከግራ፣ አንዴ ከላይኛው ጠርዝ እንዲያነሳ አደረግሁ። ከክኒኑ በኩልም አስነሳሁትና ፎቶውን ገለበጥኩት፤ ከዚያ በኩል ጽሑፉ በመስታወት እንደታየ ነውና። ያው ቁጥር ነው፦ 02 2024።

እሽጉም ቢሆን ያው ነው። በካርቶኑ ክዳን ላይ ያለችው ግልጽ ክብ ስቲከር በቦታዋ ነበረች። ከሥሯ ግን የካርቶኑ የላይኛው ሽፋን ተልጦ ነጭ ወረቀት ይታያል። አዲስ ስቲከር የተላጠ ቦታ ላይ ተለጥፎ ሲገኝ አንድ ጊዜ ተከፍቶ ነበር ማለት ነው። «ስቲከሩ አለ» ማለት «አልተከፈተም» ማለት አይደለም።

አሁን ወደሚያናድደኝ ክፍል ልምጣ። ወደ አስመጪው ድርጅት ደወልኩ። ፎቶውንና ባቹን ላክ አሉኝ፤ ላክሁ። ብዙ ቆይተው «ባቹ የእኛ ነው፣ ሲስተም ላይ አለ፣ ችግር የለውም» የሚል መልስ መጣ። አለቀ። ቀኑስ ብዬ መልሼ ደወልኩ። ሰውዬው «02/2025» አለኝ። ከየት አገኘኸው ስለው ዝም አለ። ከላክሁለት ፎቶ ላይ እያነበበልኝ ነበር! እኔ የጠየቅሁትን ቁጥር ለራሴ መልሶ ሸጠልኝ። የእነሱ «አረጋግጠናል» የሚባለው ይሄ ነው።

ነገሩን አስቡት። የሚያጭበረብር ሰው ባች ቁጥር አይፈጥርም፤ ገበያ ላይ ያለውን ይገለብጣል። እዚህ ደግሞ ፓኮው የራሱ የፋብሪካው ሊሆን ይችላል፤ የተነካው ቀኑ ብቻ ነው። እንዲህ ከሆነ ባቹ ሲስተም ላይ መገኘቱ ምን ይጠቅማል? የሚጠቅመው ከባቹ ጋር የተያያዘው ነገር ነው፤ ማለትም የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን፣ የክኒኑ ብዛት፣ የታሸገበት ዓይነት።

ከዚያ በኋላ ፎቶ መላክ አቆምኩ። ሌላ ቀን መጋዘን የሚሠራ ሰው አገናኙኝ። ባቹን በቃል ነገርኩትና «ወረቀታችሁ ላይ ቀኑ ስንት ይላል?» ብቻ አልኩት። ፋይሉን ፈልጎ አነበበልኝ፦ የተመረተው 03/2022፣ የሚያበቃው 02/2024። የእኔ ምክር ከመደበኛው ምክር የሚለየው እዚህ ላይ ነው። «ባቹንና ቀኑን ልከህ አረጋግጥ» ይላሉ። እኔ ባቹን ብቻ ስጡ፣ ቀኑን ደብቁ፣ እነሱ ይንገሯችሁ እላለሁ።

አስመጪው ባይገኝም እንኳ በቤት የሚሠራ አንድ ስሌት አለ። አክስቴ የቀድሞውን ካርቶን አልጣሉትም ነበር፤ ያው ፋብሪካ፣ ያው መድኃኒት፣ ሌላ ባች። 11/2022 ተመርቶ 10/2024 ያበቃል፤ ሁለት ዓመት። አዲሱ ግን በካርቶኑ መሠረት ሦስት ዓመት ይሆናል። የአንድ ምርት ዕድሜ በየባቹ አይለዋወጥም። ፋብሪካው አስፈቅዶ ሊያራዝም ስለሚችል ይሄ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ግን ስልኩን አንስቶ ለመደወል በቂ ምክንያት ነው።

አክስቴን «መድኃኒቱ መጥፎ ነው» አላልኳቸውም። አላውቅምና። ያልኳቸው «ፓኮው ከራሱ ጋር አይስማማም፤ ይሄንን አስቀምጡ፣ ዛሬውኑ ከሌላ ፋርማሲ ሌላ ግዙ» ነው። ዛሬውኑ ያልኩት የግፊት መድኃኒት በጥርጣሬ ብቻ ስለማይቋረጥ ነው።

ለተቆጣጣሪው ቢሮ ሳመለክት ደግሞ «ደረሰኝ አለ?» ተባልኩ። ደረሰኝ የለም። ለሠላሳ ክኒን ደረሰኝ ማን ይሰጣል? ፓኮውን ይዛችሁ ኑ ማለታቸው ግን ልክ ነው፤ ፎቶ ተይዞ ላቦራቶሪ አይገባም። ልጁ ካርቶኑን፣ ሦስቱን ስትሪፖችና የተረፉትን ክኒኖች በአንድ ፌስታል አስሮ ሰጠ። እኔ በጻፍኩት ወረቀት ላይ «ፎርጅድ» የሚል ቃል የለም። ካርቶኑ 02/2025 ይላል፤ ስትሪፑ 02/2024 ይላል፤ ሁለት ስትሪፖች ቀኑ በሚቀረጽበት ጠርዝ ተቆርጠዋል፤ ስቲከሩ ከተላጠ ካርቶን ላይ ተለጥፏል፤ የአስመጪው ወረቀት ከስትሪፑ ጋር ይስማማል። ተቀባዩ አንብቦ «ታዲያ ክኒኑስ?» አለኝ። እሱን የምትነግሩኝ እናንተ ናችሁ አልኩት።