ከኔትወርክ የተነቀለ ዲስክ፣ በባዶ ኮምፒውተር የተፈተነ

የምሠራው አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ነው። የአይቲ ክፍሉ እኔ ብቻ ነኝ። ሃያ ገደማ ኮምፒውተሮችና አንድ የዊንዶውስ ሰርቨር አሉን። ሒሳቡ በፒችትሪ ይሠራል። የመጋዘኑ ዕቃ ደግሞ ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ በተሠራ ፕሮግራም ይመዘገባል። ሥራውን ስረከብ የነበረው ባክአፕ ከሰርቨሩ ጀርባ ተሰክቶ የሚውልና የሚያድር አንድ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ነበር።

ዲስክ ሲቃጠል ይህ በቂ ነው። ፋይሎችን ቆልፎ ገንዘብ ለሚጠይቀው ራንሰምዌር ግን አይሆንም። ሰብረው የሚገቡት ሰዎች ብዙ ጊዜ በገቡበት ቀን አይቆልፉም። መጀመሪያ የአድሚኒስትሬተር ፓስዎርድ ይፈልጋሉ። ቀጥሎ ባክአፑ የት እንዳለ ያያሉ። ዊንዶውስ ራሱ የሚያስቀምጣቸውን የቆዩ ቅጂዎች በአንድ መስመር ያጠፏቸዋል፦

```
vssadmin delete shadows /all /quiet
```

የተሰካው ዲስክም ለእነሱ ሌላ ድራይቭ ነው፤ ከሌላው ጋር አብሮ ይቆለፋል። ስለዚህ ወረቀት አውጥቼ አንድ ጥያቄ ጻፍኩ፦ የአድሚኒስትሬተሩን ፓስዎርድ የያዘ ሰው የማይደርስበት ምን አለን? መልሱ ምንም ሆነ።

ሐሳቤን ያጠራልኝ የመርስክ ታሪክ ነው። ሰኔ 2017 እ.ኤ.አ. ኖትፔትያ የተባለው ቫይረስ የዴንማርኩን የመርከብ ድርጅት መታው። የሠራተኛውን መለያና ፈቃድ የሚይዙት፣ በየአገሩ የተበተኑት ዶሜይን ኮንትሮለሮቹ 150 ያህል ነበሩ። እርስ በርስ ስለሚገለባበጡ፣ አንዱ ቢጠፋ ሌላው አለ ተብሎ ለብቻቸው ባክአፕ አልነበራቸውም። ሁሉም አንድ ላይ ጠፉ። የተረፈችው አንዷ፣ ጋና ያለችው ብቻ ናት። እሷም የተረፈችው ከጥቃቱ በፊት መብራት ጠፍቶ ከኔትወርክ ስለወጣች ነው። መብራት መጥፋት ሰው ሲጠቅም ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። እኔም ጋና ላይ በአጋጣሚ የሆነውን በፕሮግራም ለማድረግ ወሰንኩ።

አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ሊኑክስ ጫንኩና ባክአፕ ማሽን አደረግሁት። ዶሜይኑ ውስጥ አላስገባሁትም። ፓስዎርዱ ሌላ ቦታ የለም፣ ከቢሮው ኔትወርክም ማንም ሊገባበት አይችልም፤ የምሠራበት ኪቦርዱ ላይ ቁጭ ብዬ ነው። ዋናው ነገር አቅጣጫው ነው። ሰርቨሩ ወደ ባክአፑ አይልክም። ባክአፑ ነው ማንበብ ብቻ በሚችል አካውንት ገብቶ የሚወስደው። ሰርቨሩን የያዘ ሰው ባክአፑን የሚከፍትበት ቁልፍ እዚያ አያገኝም።

የሚሠራ ዳታቤዝ ፋይሉን እንዲሁ ቢገለብጡት አይረባም። ስለዚህ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ኤስኪውኤል ሰርቨሩ የራሱን `.bak` ፋይል ያወጣል። የፒችትሪውን ባክአፕ ሒሳብ ክፍል ሁሉም ከፕሮግራሙ ከወጡ በኋላ ማታ ይሠራሉ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ሊኑክሱ ሁሉንም ሬስቲክ በሚባል የባክአፕ ፕሮግራም ይሰበስባል።

ሦስተኛው ቅጂ የሚነቀለው ነው። ሁለት ዲስኮች አሉ። አንዱ ካዝና ውስጥ፣ ሌላው ከቢሮው ውጪ ይቀመጣል። በየሳምንቱ አርብ ተራ የደረሰው ዲስክ ይሰካል፣ ይገለበጥበታል፣ ወዲያው ይነቀላል፦

```
restic -r /mnt/usb/repo copy --from-repo /srv/repo
restic -r /mnt/usb/repo check --read-data-subset=10%
umount /mnt/usb
```

ሁለቱ ዲስኮች አንድ ላይ አይሰኩም። እዚህ ላይ `rsync --delete` አልጠቀምም። እሱ ምንጩን አስመስሎ ስለሚገለብጥ የተበላሸውንም ታማኝ ሆኖ ያስተላልፋል። `copy` ግን አዲሱን ይጨምራል እንጂ የቆየውን አይነካም። ይህ ወሳኝ ነው፤ ሰዎቹ ሳምንታት ተደብቀው ቆይተው ከሆነ ንጹሑ ቅጂ የዛሬው ሳይሆን የባለፈው ወር ሊሆን ይችላል።

ከመሰካቴ በፊት አንድ ቁጥር አያለሁ። ሬስቲክ በየሌሊቱ ምን ያህል አዲስ ዳታ እንደጨመረ ይጽፋል። የእኛ በአብዛኛው ሁለትና ሦስት ጊጋባይት ነው። የተቆለፈ ፋይል ለሬስቲክ ሙሉ በሙሉ አዲስ ፋይል ነው፣ አይጨመቅም፣ ከድሮውም ጋር አይመሳሰልም። ስለዚህ ቁጥሩ በድንገት መቶ ጊጋባይት ቢሆን ምክንያቱ እስኪታወቅ ዲስኩ ከካዝናው አይወጣም።

እስከዚህ ድረስ ግማሹ ሥራ ነው። ቀሪው ግማሽ መረጃው ከዲስኩ በትክክል መመለሱን የምናይበት ፈተና ነው። ደንቡን ጠበቅ አድርጌ አወጣሁት፦ አንድ ባዶ ኮምፒውተር፣ ኔትወርክ የለም፣ ከካዝናው የወጣ ዲስክና አንድ ፖስታ። ቢሮው ውስጥ ያለ ሌላ ነገር ሁሉ ጠፍቷል ብለን እንጀምራለን።

የመጀመሪያው ፈተና ብዙ ነገር አወጣ። ዲስኩ በሊኑክስ ፎርማት ስለተሠራ ዊንዶውሱ ማንበብ አቃተውና ፎርማት ላድርገው ብሎ ጠየቀ። በጭንቅ ሰዓት አንድ ሰው እሺ ቢለው ኖሮ አስቡት። አሁን ዲስኮቹ NTFS ናቸው፣ `restic.exe` ራሱም አብሮ አለ። ቀጥሎ የፒችትሪው መጫኛና ሲሪያል ቁጥር የሚገኙት ጠፋ ባልነው ሰርቨር ላይ ሆኑ። ፒችትሪ ደግሞ ቨርዥኑ ካልገጠመ ያስቸግራል፤ ስለዚህ የምንጠቀምበት መጫኛ ራሱ ዲስኩ ላይ ገባ። ሲሪያሉና የሬስቲክ ፓስዎርድ በወረቀት ታትመው ፖስታው ውስጥ ናቸው። ያ ፓስዎርድ ከሌለ ዲስኩ ባዶ ዕቃ ነው።

የመጋዘኑ ዳታቤዝ ያለችግር ተመለሰ። ፕሮግራሙ ግን `Login failed for user` ብሎ አልገባም አለ። ምክንያቱ ሎጊኖቹ የሚቀመጡት በእኛ ዳታቤዝ ሳይሆን `master` በሚባለው ውስጥ መሆኑ ነው። አሁን የሎጊኖቹ ስክሪፕትም አብሮ ይቀመጣል። ፍጥነቱም ይታሰብ። 600 ጊጋባይት በሴኮንድ 100 ሜጋባይት ቢገለበጥ ሁለት ሰዓት እንኳ አይሞላም። በአሮጌው ዩኤስቢ 2 ግን፣ 30 ሜጋባይት አካባቢ ስለሆነ፣ ከአምስት ሰዓት ተኩል በላይ ይወስዳል። እስከዚያ መብራት የማይጠፋ ከሆነ ማለት ነው።

ፋይሉ ተከፈተ ማለት ተመለሰ ማለት አይደለም። የማጣሪያውን መንገድ የነገሩኝ የፋይናንስ ኃላፊያችን ናቸው። «የኔ ልጅ፣ እኔ የማምነው ትራያል ባላንሱን ነው» አሉኝ። ስለዚህ በየወሩ መጨረሻ አትመው ያስቀምጡታል፣ በፈተናው ቀን ከተመለሰው ጋር እስከ ሳንቲም ያስተያያሉ። ለመጋዘኑ ደግሞ `DBCC CHECKDB` አስኬድና ከቢን ካርዱ ጋር ጥቂት ዕቃዎችን አመሳክራለሁ። `RESTORE VERIFYONLY` ጥሩ ነው፤ ግን የሚያየው የባክአፕ ፋይሉን ጤንነት ነው እንጂ ውስጡ ያለውን መረጃ አይደለም።

ፈተናውን በየሩብ ዓመቱ እንደግማለን። አሁን የሚሠራው እኔ ሳልሆን ከሒሳብ ክፍል አንድ ልጅ ነው፣ ፖስታው ውስጥ ያለውን ወረቀት እያነበበ። እሱ የተደናገረበት መስመር ወዲያው ይታረማል።

ጉድለቱንም ልንገራችሁ። ሊኑክሱም ቢጠፋ እስከ አንድ ሳምንት የሚደርስ ሥራ እናጣለን። ይህን ኃላፊዋ አውቀው ተቀብለውታል፤ ቫውቸሮቹ በወረቀት ስላሉ እንደገና ይመዘገባሉ። ሰዎቹ ከመቆለፋቸው በፊት መረጃውን ሰርቀው «እናወጣዋለን» ካሉ ግን ባክአፕ ምንም አያደርግም። ለዚያ ያደረግነው ሌላ ነገር ነው፦ የደሞዝና የደንበኞች ፋይሎችን ከጋራው ፎልደር አውጥተን ለሚሠሩባቸው ሰዎች ብቻ ከፈትናቸው፣ የማያስፈልጉትን የቆዩ ፋይሎችም አጠፋን።