የ23 ብር ከ19 ሳንቲም ልዩነት

የዳታቤዛችን ኩዌሪ ከቫት በፊት ያለውን የወሩን ሽያጭ 3,184,226.09 ብር ይላል። የፋይናንስ ክፍል ኤክሴል ደግሞ 3,184,249.28 ብር። ልዩነቱ 23 ብር ከ19 ሳንቲም ነው። በሦስት ሚሊዮን ብር ላይ 23 ብር ምን አላት የሚል ሰው ሒሳብ ዘግቶ አያውቅም።

የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ በርካታ ቅርንጫፎች ባሉት የሱፐርማርኬት ድርጅት ነው። ዳታቤዙ የእኔ ክፍል ነው፤ ኤክሴሉ ከካሽ ሬጅስተሮቹ በሚወጣው ዝርዝር ላይ ፋይናንሶች የሚያዘጋጁት። የፋይናንስ ኃላፊዋ አንድ ደረሰኝ ጠፍቷል ብለው ቆርጠዋል። "አንተ ልጅ፣ ዳታቤዛችሁ አንድ ሽያጭ ውጦብናል፤ ፈልግልኝ" አሉኝ። "እሺ፣ እፈልጋለሁ፤ ግን መጀመሪያ ቫት የተጨመረበትን ድምር ያሳዩኝ" አልኳቸው።

በሁለቱም በኩል 3,661,860.00 ብር ነበር፤ ሳንቲም እንኳ አልተዛነፈም። የጠፋ ደረሰኝ ቢኖር ይህ ቁጥርም ይጎድል ነበር። ደንበኛው የከፈለው ገንዘብ ከተስማማ፣ የተለያየው ያንን ገንዘብ ወደ ዋጋና ወደ ቫት የከፋፈልንበት መንገድ ብቻ ነው ማለት ነው። ሰው ብዙ ጊዜ ልዩነት ያየበትን ቁጥር ብቻ ይዞ ይሮጣል፤ ከእሱ አንድ እርምጃ በፊት ያለውን ቁጥር ማየት ግን ፍለጋውን በግማሽ ይቀንሳል።

እሳቸው ግን የድሮ ሒሳብ ሠራተኛ ስለሆኑ የራሳቸውን ፈተና ሳይሞክሩ አልተቀመጡም። ልዩነቱ ለ9 እኩል ከተካፈለ ሁለት አሃዞች ቦታ ተለዋውጠው ተጽፈው ሊሆን ይችላል፤ 2,319 ሳንቲም ለ9 አይካፈልም። የልዩነቱ ግማሽ የሆነ ሽያጭ ከተገኘ ደግሞ መቀነስ የነበረበት ተደምሮ ይሆናል፤ 2,319 ጎዶሎ ቁጥር ስለሆነ ግማሹ ሙሉ ሳንቲም አይሆንም። ሁለቱም ፈተናዎች በደቂቃ ያልቃሉ፤ እኔም ከእሳቸው የወሰድኳቸው ናቸው።

ቀጥሎ ሁለቱንም ድምሮች በየቀኑ ከፋፍለን ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው። ልዩነቱ በአንድ ቀን ላይ ብቻ ቢከመር ኖሮ የዚያን ቀን ደረሰኞች አንድ በአንድ እናይ ነበር። በወሩ የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀን ላይ ቢወድቅ ደግሞ የምጠረጥረው ሰዓቱን ነበር፤ ሰርቨራችን ከአዲስ አበባ ሦስት ሰዓት ወደኋላ በሆነው በዩቲሲ ስለሚሠራ። ያገኘነው ግን ሌላ ነው። ሠላሳዎቹም ቀናት ላይ ከ60 እስከ 95 ሳንቲም የሚደርስ ልዩነት አለ፤ ገበያ በሚደምቅበት ቅዳሜ ከፍ ይላል፤ አንድም ቀን አቅጣጫውን አይቀይርም፤ ሁልጊዜ ኤክሴሉ ይበልጣል። ከሽያጩ ብዛት ጋር አብሮ ከፍና ዝቅ የሚል ልዩነት የጠፋ ነገር ሳይሆን የማጠጋጋት ምልክት ነው።

ኤክሴሉን ከፍቼ ቀመሩን አየሁ። በእያንዳንዱ መስመር ላይ `=ROUND(F2/1.15,2)` ተጽፏል። እዚህ ላይ ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ሕዋሱ ሁለት አሃዝ ብቻ እንዲያሳይ ፎርማት ቢደረግ ኖሮ ኤክሴል ሙሉውን ቁጥር ከውስጥ ይዞ ስለሚደምር ውጤቱ ከኩዌሪው ጋር ይገጥም ነበር። `ROUND` ግን ቁጥሩን ራሱን ይቆርጠዋል። ኩዌሪው በበኩሉ የወሩን ሽያጭ በሙሉ ደምሮ መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ ለ1.15 ያካፍላል። ቀድሞኝ የነበረው ባልደረባ የጻፈው ነው፤ ለሥራ አስኪያጁ ጠቅላላ ሪፖርት ሲውል ምንም እንከን አልነበረበትም።

አንድ ነገር ግን አልዋጥልህ አለኝ። በወሩ ወደ 40,000 የሚጠጋ የሽያጭ መስመር አለ። ማጠጋጋት አንዱን ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ ስለሚያደርግ እርስ በርሱ መጣፋት አለበት፤ ዋጋዎቹ የተቀላቀሉ ከሆኑ በዚህ ሁሉ መስመር ላይ የሚተርፈው ሲበዛ አንድ ሁለት ብር ነው። 23 ብር ከየት መጣ?

መልሱ የወጣው በዋጋ ስከፋፍለው ነው። ትልቁ የታሸገ ውኃ ቫትን ጨምሮ 50 ብር ይሸጣል። 50 ለ1.15 ሲካፈል 43.47826 ይሆናል፤ ሲጠጋጋ 43.48። በእያንዳንዱ ሽያጭ ከሳንቲም አንድ አምስተኛ የማይሞላ ነገር ወደ ላይ ይወጣል፤ ዋጋው አንድ ስለሆነ ግን ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው፣ ወደ ታች የሚጎትተው የለም። በዚያ ወር ነጠላ ውኃ የተሸጠባቸው መስመሮች 12,850 ነበሩ፤ ብቻቸውን 22 ብር ከ35 ሳንቲም አመጡ። የቀሩት ዕቃዎች በሙሉ ከፍና ዝቅ ብለው ያመጡት 84 ሳንቲም ብቻ ነው። የውኃው ዋጋ 35 ብር ቢሆን ኖሮ 30.43478 ወደ 30.43 ስለሚወርድ ኩዌሪው ይበልጥ ነበር፤ እኛም የተጋነነ ሽያጭ ፍለጋ እንወጣ ነበር።

ታዲያ የትኛው ነው ትክክል? በሒሳብ ዓይን ኩዌሪው የተሻለ ነው። ደንበኛው እጅ ላይ ያለው ደረሰኝ ግን ዋጋ 43.48፣ ቫት 6.52 ይላል፤ የታተመውን ወረቀት የሚለውጠው የለም። በኩዌሪው ከሄድን የምናሳውቀው ቫት 477,633.91 ብር ይሆናል፤ ደረሰኞቹ ሲደመሩ ግን 477,610.72 ናቸው። ኦዲተር የሚይዘው ደረሰኙን ነው፤ ስለዚህ ደረሰኙን መከተል ያለበት ኩዌሪው ነው።

አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ወዲያው `ROUND`ን ጨመረ፤ ያስገባው ግን በነጠላ ዋጋው ላይ ነበር፤ የተጠጋጋውን በብዛቱ ያበዛዋል። ልዩነቱ አልጠፋም፤ ዞሮ አሁን ኩዌሪው በለጠ። አንድ ሰው 12 ውኃ በአንድ መስመር ሲገዛ ማሽኑ 600ን ለ1.15 አካፍሎ 521.74 ያትማል፤ የልጁ ኩዌሪ ግን 43.48ን በ12 አብዝቶ 521.76 ያወጣል። እዚህ ሁለት ሳንቲም ነች፤ በካርቶን የሚገዛው ግን ብዙ ነው። ማጠጋጋቱ መደረግ ያለበት ማሽኑ በሚያጠጋጋበት ቦታ ነው፤ የእኛዎቹ የሚያጠጋጉት በመስመር ድምር ላይ ነው።

```sql
SELECT sale_date,
       SUM(ROUND(qty * price / 1.15, 2)) AS net
FROM sale_lines
GROUP BY sale_date;
```

የእኛ ዳታቤዝ ፖስትግሬስ ነው፤ `price` ደግሞ `numeric` ሆኖ የተቀመጠ ነው። `double precision` ቢሆን ባለሁለት አሃዙን `ROUND` አይቀበልም፤ መጀመሪያ በ`::numeric` መቀየር ያስፈልጋል። እንዲያውም ገንዘብ በዚያ ዓይነት መቀመጡ ራሱ ሌላ የሳንቲም ጣጣ ነው።

በዚህ ኩዌሪ ሠላሳዎቹም ቀናት ገጠሙ። ኃላፊዋ ዓምዱን ከላይ እስከ ታች በጣታቸው ተከትለው ካዩ በኋላ "ያለፉትስ ወራት?" አሉ። ለታክስ የቀረበው ሁሉ ከኤክሴሉ የተወሰደ ስለነበር የሚታረም ማስታወቂያ አልነበረም፤ የሥራ አስኪያጁን ሪፖርት ብቻ እንደገና አወጣን።

በሚቀጥለው ወር ከአንዱ ቅርንጫፍ በስተቀር ሁሉም ገጠመ። እዚያ የተተከለው አዲስ ማሽን ቫቱን የሚያወጣው ከደረሰኙ ጠቅላላ ድምር ላይ እንጂ ከየመስመሩ ላይ አይደለም። ለዚያ ቅርንጫፍ መስመሮቹን በደረሰኝ ቁጥር ሰብስቦ ከዚያ በኋላ የሚያጠጋጋ ኩዌሪ ለብቻው ጻፍን፤ የትኛው ማሽን የት ላይ እንደሚያጠጋጋ የሚመዘግብ ዓምድም በቅርንጫፎች ሠንጠረዥ ውስጥ ገባ።